ኢንጀክተር ማጽጃ ዋጋውን የሚያወጣው መቼ ነው?

ሶማሌ ተራ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ ከዘይቱና ከፊልትሮው አጠገብ የተደረደሩ ትናንሽ ጠርሙሶችን ማየቱ አይቀርም። «ኢንጀክተር ያጸዳል»፣ «ነዳጅ ይቆጥባል»፣ «ለሞተር ጉልበት ይሰጣል» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ይዘታቸው ታንክ ውስጥ ይጨመርና ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ ያልቃል። ገዢው የገዛው ነገር ሲሠራ በዓይኑ አያየውም። ስለዚህ አንዱ በየወሩ ይገዛል፣ ሌላው ደግሞ ሁሉንም ማጭበርበር ነው ብሎ ያልፋል።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያሳስባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ለብዙ ዓመት ማገልገል አለባቸው። ለእነሱ የሚወጣ እያንዳንዱ ብር የት እንደሚገባ ማወቅ ተገቢ ነው።

በእነዚህ መኪኖች ላይ ኢንጀክተሩ የሚቀመጠው አየር ወደ ሲሊንደር በሚገባበት መተላለፊያ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ባዘዘው ቅጽበት ይከፈትና እጅግ ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎች ቤንዚኑን እንደ ጉም አድርጎ በማስገቢያው ቫልቭ ጀርባ ላይ ይረጫል። ቆሻሻው በብዛት የሚፈጠረው መኪናው ሲሄድ ሳይሆን ሲቆም ነው። የጋለ ሞተር ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ውሃ መዞሩን ያቆማል፤ ሙቀቱም ወደ ኢንጀክተሩ ጫፍ ይወጣል። እዚያ የቀረችው ጠብታ ቀላሉ ክፍሏ ይተንና ከባዱ ክፍል ድስት ስር እንደሚያር ወጥ ይጋገራል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚቆም፣ ገበያ ደርሶ የሚቆም፣ በቀን ደጋግሞ የሚነሳና የሚጠፋ መኪና ረጅም መንገድ ከሚጓዝ መኪና ይልቅ ቶሎ የሚቆሽሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ችግር በአሜሪካ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ታይቷል። ካርቡራተር ቀርቶ ኢንጀክተር ሲስፋፋ የሞተር መንቀጥቀጥ አቤቱታ በዛ። መፍትሔው የተገኘው ከሞተሩ ሳይሆን ከነዳጁ ሲሆን፣ ቆሻሻን የሚያለቅቅ ኬሚካል ቤንዚኑ ውስጥ መጨመር ተጀመረ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ አገር የሚሸጥ ቤንዚን ሁሉ ዝቅተኛ መጠን ያለው ማጽጃ እንዲኖረው በሕግ ተደነገገ። በ2004 ደግሞ ቢ ኤም ደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ያ መጠን አይበቃም ብለው «ቶፕ ቲየር» የተባለ ከፍ ያለ ደረጃ አወጡ።

የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር የሆነው ትሪፕል ኤ በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ዓይነት ቤንዚን አወዳድሮ ነበር። 4,000 ማይል ከመንዳት ጋር የሚመጣጠን ሙከራ ሲያበቃ፣ ደረጃውን ያላሟላው ቤንዚን በማስገቢያ ቫልቮች ላይ የተወው ቆሻሻ ደረጃውን ካሟላው በአማካይ 19 እጥፍ በልጦ ተገኘ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የማጽጃ ኬሚካል በትክክል ይሠራል። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ እንዳለው ማጽጃው ያነሰው ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ሲቃጠል የነዳጅ ፍጆታን የሚጎዳው ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው። ጠርሙሱ ላይ «20 በመቶ ይቆጥባል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ይህን ቁጥር ያስታውስ። ማጽጃ ሊመልስ የሚችለው ቆሻሻው የወሰደውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር እህታችንና አዲስ አበባ የሚኖር ወንድሟ ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ አላቸው። እሷ ማደያው ላይ «ቶፕ ቲየር» የሚል ምልክት አይታ ከቀዳች ማጽጃው ቤንዚኑ ውስጥ አለላት፤ ጠርሙሱ ብዙም አይጨምርላትም። እሱ ጋ ግን ቤንዚኑ በአንድ መንግሥታዊ ድርጅት በኩል በጅቡቲ ይገባና ለሁሉም ማደያ ይከፋፈላል፤ ማደያ በመምረጥ የማጽጃ መጠን መምረጥ አይቻልም። ለእሱ ጥሩ ጠርሙስ የሚሠራው ሥራ ሊኖር ይችላል።

ጥሩውን ከተራው የሚለየው ውስጡ ያለው ነገር ነው። በመስኩ ጠንካራ የሚባለው ማጽጃ ፖሊኢተር አሚን ይባላል፤ በምህጻር ፒ ኢ ኤ። የኢንጀክተሩንና የቫልቩን ቆሻሻ ከማለቀቁም በላይ ሙቀት ስለሚቋቋም ሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ካርቦን ላይም ይሠራል። ርካሾቹ ጠርሙሶች አብዛኛው ይዘታቸው ከላምባ የማይርቅ ማሟሟያ ነው፤ ኬሚካሉ ቢኖርባቸውም በጥቂቱ ነው። ለማጣራት የምርቱን ስም ይዞ ኢንተርኔት ላይ የደኅንነት መግለጫ ወረቀቱን መፈለግ ይቻላል። አምራቾች ይዘቱን በመቶኛ የሚዘረዝሩት እዚያ ላይ ነው። የፒ ኢ ኤ ስም በጠርሙሱም በወረቀቱም ላይ ከሌለ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ጥሩው ጠርሙስም ቢሆን ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥ መታወቅ አለበት። ባለ 1.3 ሊትር ያሪስ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የሞተር መብራቱም በርቷል እንበል። መካኒኩ «ኢንጀክተር ነው፣ ማጽጃ ጨምርበት» ቢልም አስቀድሞ መሣሪያው ይሰካ። P0302 ከተነበበ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል እየተቃጠለ አይደለም ማለት ነው። የሁለተኛውን ቦቢና ከሦስተኛው ጋር አቀያይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ መንዳት ነው። ኮዱ P0303 ሆኖ ከተመለሰ ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር አብሮ ሄዷል፤ ችግሩ ተገኘ። በቦታው ከቀረ በካንዴላው ተመሳሳይ ሙከራ ይደረጋል። ይህ ምርመራ ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም፤ በተበላሸ ቦቢና ላይ ግን ስንትም ጠርሙስ ቢፈስ ለውጥ አያመጣም።

ካንዴላውና ቦቢናው ደህና ሆነው መንቀጥቀጡ ከቀጠለ፣ በዚያው መሣሪያ ላይ LTFT የሚለውን ቁጥር ማየት ነው። ኮምፒዩተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ አማካይነት ከታቀደው በላይ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይናገራል። ከ5 በመቶ በታች ሲሆን ደህና ነው፤ ከ10 ሲያልፍ ምክንያት መፈለግ አለበት። ቁጥሩ ሚኒሞ ላይ +15 ሆኖ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ወደ +3 ከወረደ፣ ከተቀደደ ጎማ ወይም ከላላ ቧንቧ አየር እየገባ ነው። በሁለቱም ላይ +12 አካባቢ ከቆየ ወይ የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር ቆሽሿል፣ ወይ ነዳጁ በበቂ አይደርስም። ሴንሰሩ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ይጸዳል፤ የፖምፓው ግፊትም ይለካል። ሁለቱ ደህና ሆነው ቁጥሩ ካልወረደ አሁን ኢንጀክተሩን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ጠርሙሱን መግዛትም ትርጉም ይኖረዋል። ታንኩ ካለቀ በኋላ ቁጥሩ ወደ +4 ወይም +5 ከወረደ ማጽጃው ሠርቷል። ካልወረደ ሁለተኛ ጠርሙስ ከመግዛት ኢንጀክተሮቹን አስፈትቶ በማሽን ማስፈተሽ ይሻላል። ማሽኑ የእያንዳንዱን መጠንና አረጫጨት ለየብቻ ያሳያል፤ የተደፈነውን ያጸዳል፤ ዘግቶም የሚያንጠባጥብ ካለ ያጋልጣል።

በመኪናው ላይ ምንም ምልክት ከሌለስ? ሒሳቡን እንሥራ። ጠርሙሱ የ10 ሊትር ቤንዚን ዋጋ ያወጣል፣ መኪናው ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይበላል እንበል። ማጽጃው 2 በመቶ ቢያድን 10 ሊትር ለማዳን 500 ሊትር መቃጠል አለበት፤ ያም 6,250 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ሞተሩ በእርግጥ ቆሽሾ ከነበረ ነው። ንጹሕ ከነበረ የሚድን ነገር የለም። በተጨማሪም ሁሉም ኢንጀክተሮች እኩል ትንሽ ሲጠቡ ኮምፒዩተሩ ረዘም አድርጎ በመክፈት ያካክሰዋል፤ ስለዚህ ብክነቱ ያን ያህል አይታይም። የሚጎዳው አንዱ ከሌላው ሲለይ ወይም ጉሙ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ነው።

ለመከላከል ያህል አንድ የፒ ኢ ኤ ጠርሙስ በየሁለት ዘይት ቅያሪ ለአጭር ርቀት መኪና በቂ ነው። ታንኩ ሊያልቅ ሲል ጠርሙሱን ማፍሰስና ወዲያው በላዩ ቤንዚን መሙላት፤ ነዳጁ ሲገባ ያዋህደዋል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ሊትር ይሁን፤ የያሪስ ታንክ 42 ሊትር ያህል ስለሚይዝ ለ60 ሊትር የተሠራውን ሙሉውን ማፍሰስ አያስፈልግም። ያን ሰሞን አዳማ ደርሶ መልስ ከተገኘ፣ ሞተሩ ግሎ ሳይቋረጥ ስለሚሠራ ማጽጃው በደንብ ይሠራል። ጊዜው ደግሞ ከዘይት ቅያሪ ቀደም ብሎ ቢሆን ይመረጣል፤ ሳይቃጠል ወደ ዘይቱ የሚወርደው ጥቂት ኬሚካል ከአሮጌው ዘይት ጋር ይወጣል።

ጠርሙሱ ጨርሶ የማይደርስበት ቦታም አለ። በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ኢንጀክተሩ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ነዳጁ የማስገቢያውን ቫልቭ አይነካውም። እዚያ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ የሚወገደው ተፈትቶ ነው። «ኦክቴን ጨማሪ» የሚባለውም ሌላ ነገር ነው፤ አያጸዳም። «10 ነጥብ ይጨምራል» ሲል ብዙ ጊዜ ከ91 ወደ 92 ማለቱ ነው፤ ለተራ ቤንዚን የተሠራ ሞተርም በዚያ አንዳች ጉልበት አያገኝም።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ባለ መኪና ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮና ካንዴላ፣ ቀጥሎ የጎማ ንፋስ፣ ከዚያ በኮዱና በLTFT ላይ የተመሠረተ ምርመራ። ጠርሙሱ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ከተገዛ የከፈሉበትን ሥራ ይሠራል።