«ቀሪውን ሂሳብ ለሾ…»

አንድ የመርካቶ ነጋዴ ደብረ ብርሃን ላሉት ደንበኛው እንዲህ ብሎ ቴክስት ላከ እንበል፦ «ሰላም ጋሼ፤ ሸቀጡ ዛሬ ከመርካቶ ተጭኗል። ነገ ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ይደርሳል። ቀሪውን ሂሳብ ለሾፌሩ ዕቃውን ሳይቆጥሩ እንዳይከፍሉ።»

ሰውየው ስልካቸውን ሲከፍቱ ግን ጽሑፉ «ቀሪውን ሂሳብ ለሾ» ላይ ቀጥ ብሏል። «ለሾፌሩ ይስጡት» ማለቱ ነው ብለው ቢከፍሉ ማን ይፈርድባቸዋል? አማርኛ ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ የመልእክቱ ጭራ ሲቀር «ይክፈሉ» ይሁን «እንዳይከፍሉ» የሚለየው ቃል አብሮ ይቀራል።

ቆረጣው ለምን እዚያ ላይ ሆነ? አንድ ቴክስት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው። መልእክቱ የሚጓዘው ኔትወርኩ ለራሱ ሥራ ማለትም ጥሪ ለማገናኘትና ስልኩ የት እንዳለ ለማወቅ በሚጠቀምበት ጠባብ መስመር ላይ ተዳብሎ ነው፤ ስፋቱም ያኔውኑ ተወስኖ ቀርቷል። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ በዚያ ቦታ 160 ያህል ይገባል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ 70 ላይ ይሞላል። ባዶ ቦታውም አራት ነጥቡም እኩል ይቆጠራሉ። ያው የነጋዴው መልእክት በላቲን ፊደል ቢጻፍ በአንድ ቴክስት ያልቅ ነበር። በላቲን ከጻፉ በኋላ መጨረሻ ላይ አንዲት «።» ብቻ ጣል ቢያደርጉ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ስፍር ይወርዳል።

የነጋዴው መልእክት 89 ፊደል ስለሆነ ስልኩ ለሁለት ከፈለው። ሲከፍለው በየክፋዩ ራስጌ ላይ አንባቢ የማያያቸው ሦስት ቁጥሮች ይጽፋል፦ የመልእክቱ መለያ፣ የክፋዮቹ ብዛት፣ የዚህ ክፋይ ተራ። ለምሳሌ የመጀመሪያው «74፣ 2፣ 1» ቢል ሁለተኛው «74፣ 2፣ 2» ይላል። ይህ ራስጌ 6 ባይት ስለሚወስድ ለጽሑፉ የሚተርፈው 67 ፊደል ነው። ቢቆጥሩት 67ኛው «ሾ» ላይ ያርፋል። ስልኩ ፊደል ይቆጥራል እንጂ ቃል መሀል ይሁን አይሁን አያይም።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ክፋዮች ለኔትወርኩ ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ናቸው። የመልእክት ማዕከሉ አንደኛውን አድርሶ፣ ሁለተኛውን ሊያደርስ ሲል ኔትወርክ ቢቆራረጥበት፣ ያንን ለብቻው አቆይቶ በኋላ ደግሞ ይሞክራል። መልእክቶችን ሲም ካርድ ላይ በሚያስቀምጥ አሮጌ ስልክ ደግሞ የመጨረሻዋን ክፍት ቦታ አንደኛው ክፋይ ይወስዳትና ሁለተኛው ቦታ አጥቶ ይመለሳል። ባለቤቱ አሮጌ መልእክቶችን ሲያጠፋ ቆሞ የነበረው ይገባል፤ እስከዚያው ሌላ መልእክት ቀድሞት ሊሆን ይችላል። ጅራቱ ከራሱ የሚቀድመውም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። ለመልእክቱ የተሰጠው የመቆያ ጊዜ ካለፈ ግን ማዕከሉ ይጥለዋል፤ ያ ክፋይ ከእንግዲህ አይመጣም።

ተቀባዩ ስልክ ራስጌውን አንብቦ ክፋዮቹን በተራቸው ይሰፋቸዋል። ሁለተኛው ሳይመጣ ሲቀር የሚያደርገው እንደ ስልኩ ነው። አንዳንዱ የደረሰውን ቆራጭ እንዳለ ያሳያል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ስልኮች ግን ሁሉም እስኪሟላ ድረስ ይደብቁታል። ለእኔ የባሰው ይኼኛው ነው፦ ላኪው «አንብቦ ዝም አለኝ» ብሎ ይቀየማል፣ ተቀባዩ መልእክት መላኩንም አያውቅም። በእርግጥ ግማሽ ትእዛዝ አንብቦ ገንዘብ ከመክፈል መደበቁ ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

ሌላም ጣጣ አለ። ብዙውን ጊዜ የመለያው ቁጥር ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። ሰው ለሰው ሲጻጻፍ ይበቃል፤ ከአንድ አጭር ቁጥር ቀኑን ሙሉ መልእክት የሚልክ ድርጅት ግን ቁጥሩን እየደጋገመው ይሄዳል። ያልተሟላ የቆየ ክፋይ ስልክዎ ውስጥ እየጠበቀ ሳለ ያው መለያና ያው ብዛት ያለው አዲስ መልእክት ቢመጣ፣ የአንዱ ራስ ከሌላው ጅራት ጋር ሊሰፋ ይችላል።

ላኪው አስቀድሞ ማየት የሚችልበት ምልክት አለ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ጽሑፉ ሲረዝም ከመላኪያው አጠገብ «45/2» ዓይነት ቁጥር ይወጣል፤ 45 ፊደል ይቀርዎታል፣ መልእክቱም በሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። ነጋዴው ያንን ቢያይ ኖሮ «ዕቃውን ሳይቆጥሩ እንዳይከፍሉ» የሚለውን ብቻውን በአንድ ቴክስት ይልከው ነበር።

ተቀባዩስ? ጽሑፉ ቃል መሀል ከተቋረጠ ወይም 67 ፊደል ላይ ከቆመ ቀሪ ሊኖረው ይችላል። ስልኩ የጎደለውን ክፋይ ራሱ መጠየቅ አይችልም፤ ደውሎ «ሙሉውን ድገምልኝ» ማለት ያስፈልጋል። የተደገመው መልእክት አዲስ መለያ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ከፊተኛው ቆራጭ ጋር አይገጥምም።