ሜሞሪ ሲሞላ ሊኑክስ ለምን ስታክ ያደርጋል?

4 ጊጋባይት ራም እና 2 ጊጋባይት ስዋፕ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ተጭኖበታል እንበል። ብሮውዘሩ ላይ ብዙ ገጾች ተከፍተዋል፤ በጎን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ይሠራል። ድንገት የማውሱ ቀስት ይንተፋተፍና ይቆማል። የዲስኩ መብራት ግን አይጠፋም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማብሪያውን ተጭኖ ያጠፋዋል፤ ሴቭ ያላደረገው ሥራም አብሮ ይሄዳል።

ማሽኑ ግን ሥራ በዝቶበት እንጂ ቆሞ አይደለም። ራም ሲሞላ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ቦታ ለማስለቀቅ ይሯሯጣል። በመጀመሪያ ብዙም የማይነኩ መረጃዎችን ዲስክ ላይ ወዳለው ስዋፕ ያሸጋግራል። ስዋፑም ሲሞላ ፊቱን ወደ ፕሮግራሞቹ ኮድ ያዞራል። ኮዱ ዲስክ ላይ ቅጂ ስላለው ከራም ቢጣል አይጠፋም፤ ሲፈለግ እንደገና ይነበባል። ችግሩ፣ የተጣለው ኮድ ወዲያው መፈለጉ ነው። እሱን ለማስገባት ሌላ ይጣላል፤ ያም ተመልሶ ይፈለጋል። ቀስቷን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ሳይቀር ዲስኩን ይጠብቃል። ስዋፕን ማጥፋት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ኮዱ መጣሉና መነበቡ ግን ያለ ስዋፕም ይቀጥላል።

ለእንዲህ ያለው ጊዜ ከርነሉ ኦኦኤም ኪለር የሚባል የመጨረሻ እርምጃ አለው። ለየፕሮግራሙ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በዋናነት የሚወሰነው በያዘው ራምና ስዋፕ መጠን ነው። ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘው ይገደላል። በእኛ ምሳሌ ዕጣው ለቪዲዮ ማቀናበሪያው ወይም ለአንዱ የብሮውዘር ገጽ ይደርሳል።

ታዲያ ለምን ቶሎ አይመጣም? ከርነሉ ጥቂትም ቢሆን ቦታ እያስለቀቀ እስካገኘ ድረስ ሜሞሪ አልቋል ብሎ አይወስንም። የሚቆጥረው የተለቀቀውን ቦታ እንጂ የተጠቃሚውን ጥበቃ አይደለም። በዚህ መሃል ብዙ ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሽኑ እንደገና ከተነሳ በኋላ የሆነውን ለማየት፦

```
journalctl -k -b -1 | grep -i "out of memory"
```

«Out of memory: Killed process» የሚል መስመር ከተገኘ ኪለሩ ሠርቷል፤ የተገደለው ፕሮግራም ስምም እዚያው አለ። ከሌለ ምናልባት ሳይደርስ ማሽኑ ጠፍቷል፤ ወይም መዝገቡ ዲስክ ላይ ሳይጻፍ ቀርቷል።

መዘግየቱን ለማካካስ ቀድመው የሚገድሉ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል። earlyoom ካልተቀየረ በቀር፣ የቀረው ራምም ስዋፕም ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ እርምጃ ይወስዳል። ፌዶራ በ2020 ለዴስክቶፕ እትሙ እሱን መረጠ፤ በ2021 ደግሞ ወደ systemd-oomd ተሻገረ። ይኼኛው ፕሮግራሞች ሜሞሪ በመጠበቅ ያባከኑትንም ጊዜ ይለካል፤ ሆኖም አንድን የፕሮግራሞች ቡድን በሙሉ ስለሚገድል መላው ብሮውዘር በአንድ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል።

በእጅ መጥራትም ይቻላል፦ Alt፣ SysRq እና F አብረው ሲጫኑ ከርነሉ ኪለሩን ወዲያው ያስነሳል። ኡቡንቱን በመሳሰሉት ላይ ይህ ቁልፍ ተዘግቶ ስለሚመጣ፣ ማሽኑ ስታክ ከማድረጉ በፊት በ`sudo sysctl kernel.sysrq=1` መከፈት አለበት። ትእዛዙ የሚሠራው ማሽኑ ዳግም እስኪነሳ ብቻ ነው።