60 ዶላር የለመደ ካርድ

አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሒሳብ ትምህርት በቪዲዮ ያዘጋጃል። ቪዲዮዎቹን የሚያስቀምጠው ከአንድ የውጭ ክላውድ ድርጅት በተከራየው ማከማቻ ነው። ክፍያው በወር 60 ዶላር ገደማ ሲሆን የሚቆረጠውም ዋሽንግተን ከሚኖሩት አጎቱ ካርድ ነው። አንድ ወር ግን የ1,140 ዶላር መጠየቂያ መጣ። አጎትየው ደንግጠው ደወሉ፤ «ካርዱን ላዘጋው?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አላቸው። ካርዱ ቢዘጋ ድርጅቱ መለያውን ሊያግድ፣ ቪዲዮዎቹም እዚያው ተቆልፈው ሊቀሩ ይችላሉ።

መጠየቂያው ላይ አዲስ የሆነው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ወደ ውጭ የወጣ መረጃ፣ 12,000 ጊጋባይት በ0.09 ዶላር፣ 1,080 ዶላር። ነገሩ እንደ መጋዘን ነው። የማስቀመጫው ኪራይ ርካሽ ነው፤ ከበር ለሚወጣው እያንዳንዱ ኩንታል ግን ለብቻው ይከፈላል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በንዴት የተጻፈ ነበር፤ «ይህን ያህል አልተጠቀምንም» ይላል። ለዚህ የሚመጣው መልስ ይታወቃል፤ ቆጣሪው ተጠቅማችኋል ይላል። ቀደደውና እንዲህ ጻፈ፦

«ጉዳዩ፦ የሂሳብ ዝርዝር ስለመጠየቅ።
ያለፉት ስድስት ወራት አማካይ ክፍያችን 60 ዶላር ነው። የምንቃወመው ወደ ውጭ ወጣ ለተባለው መረጃ የተጠየቀውን 1,080 ዶላር ብቻ ነው፤ ቀሪውን በቀኑ እንከፍላለን። መጠኑ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ማከማቻ፣ ወደ ኢንተርኔት ወይስ ወደ ሌላ የመረጃ ማዕከላችሁ እንደወጣ ለይታችሁ ላኩልን። ጉዳዩ እስኪጣራ የተቃወምነው ገንዘብ እንዳይቆረጥ፣ አገልግሎቱም እንዳይቋረጥ እንጠይቃለን።»

ሰዓቱን መጠየቁ ነው የጠቀመው። ከ12,000ው 11,000 ጊጋባይት የወጣው በሦስት ሌሊት፣ ከአንድ ፎልደር ነበር። ማን እንደወሰደው ግን ዝርዝሩ አይናገርም። ያንን የሚይዘው የጎብኚዎች መዝገብ ነው፤ መዝገቡን ደግሞ ደንበኛው አስቀድሞ ካላበራው አይኖርም። ወዳጄ አላበራውም ነበር። ባበራው ማግስት፣ ሌላ ድረ ገጽ ቪዲዮዎቹን የራሱ አስመስሎ ከእሱ ማከማቻ በቀጥታ ሲያሳይ ያዘው። ፎልደሩ ለማንም ክፍት ነበር።

ቆጣሪው አልተሳሳተም ማለት ነው። ቆጣሪው ትክክል ሆኖ ሂሳቡ አግባብ የማይሆንበት ጊዜም አለ። በ2024 አንድ የአማዞን ደንበኛ፣ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ማከማቻውን ስላንኳኩ ብቻ ከ1,300 ዶላር በላይ ተጠይቆ ነበር፤ ጉዳዩ አደባባይ ከወጣ በኋላ ድርጅቱ እንዲህ ላለው ጥያቄ ማስከፈሉን ትቷል።

የወዳጄ በር ግን የተከፈተው በራሱ እጅ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ደብዳቤ ክርክሩን ትቶ፣ ፎልደሩ መዘጋቱን አሳይቶ የአንድ ጊዜ ቅናሽ ለመነ። ግማሹን ሰረዙለት። 100 ዶላር ላይ ያኖረው ማስጠንቀቂያስ? ኢሜይሉ ደርሶት ነበር፣ በሦስተኛው ቀን። የሂሳቡ መረጃ ዘግይቶ ይመጣል፤ ማስጠንቀቂያውም ይናገራል እንጂ አያቆምም። አጎትየው አሁን ወር በገባ ቁጥር ይደውላሉ።