ክዳኑ የማይከፈተው ሳህን

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በሚቀጥለው ሳምንት በቤተ ሙከራችን ባክቴሪያ እንደምናሳድግ ልጆቻችሁ ነግረዋችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ "በሽታ ይዘው ቢመጡስ?" ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያውን የምናሳድግበት ዕቃ ምን እንደሆነና እንዴት እንደምንዘጋው ላስረዳችሁ።

ዕቃው ፔትሪ ዲሽ ይባላል። መዳፍ የሚያክል ክብ ሳህን ነው፤ ከእሱ ትንሽ ሰፋ ያለው ክዳኑ ጠርዙን አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። በ1887 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው በበርሊን የሮበርት ኮህ ረዳት የነበረው ዩሊየስ ሪቻርድ ፔትሪ ነው። ከእሱ በፊት ባክቴሪያ የሚያድገው በዝርግ መስታወት ላይ ስለነበር፣ ለማየት መክደኛው በተነሳ ቁጥር ከአየር ላይ ሌላ ነገር ይገባበት ነበር። የፔትሪ ክዳን ግን ሳይከፈት ያሳያል። ደኅንነታችንም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ሳህኑ ውስጥ አጋር አለ፤ ከባሕር አረም የሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ነገር ነው። ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆን የሥጋ መረቅ ይጨመርበታል። እያንዳንዱ ቡድን የሳህኑን ሥር በማርከር ሦስት ቦታ ይከፍላል። አንድ ተማሪ ያልታጠበ ጣቱን በመጀመሪያው ክፍል፣ በውሃ ብቻ የታጠበውን በሁለተኛው፣ በሳሙና የታጠበውን በሦስተኛው ላይ በቀስታ ያሳርፋል። ከዚያ ክዳኑ ተዘግቶ በስኮች ይያዛል፤ ዳግመኛ አይከፈትም።

አደጋውን መደበቅ አልፈልግም። ጣት ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ሰውነትም ለምዷቸዋል። ሳህኑ ውስጥ ግን አንዷ ተባዝታ ሚሊዮኖች ትሆናለች፤ በዓይን የሚታይ ነጥብ፣ ማለትም ኮሎኒ፣ ትሠራለች። የትኛው ነጥብ ምን እንደሆነ በማየት ብቻ ማወቅ ስለማይቻል ሁሉንም እንደ ጎጂ እንቆጥራለን።

ባለፈው ዓመት ሳህኖቹን ያዩ አንዲት እናት "ስኮቹ ዙሪያውን አልዞረም፤ ለምን ክፍተት ተዋችሁ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ክፍተቱን የተውነው ሆን ብለን ነው። ዙሪያው ጥርቅም ብሎ ከታሸገ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ ያለ ኦክስጅን ከሚያድጉት ባክቴሪያዎች መካከል ደግሞ አደገኞች አሉ። ስለዚህ ክዳኑን በአራት ቁራጭ ስኮች እንይዘዋለን። ባክቴሪያ እርጥብ አጋር ላይ ተጣብቆ ስለሚያድግ በክፍተቱ በርሮ አይወጣም። የሻጋታ ዘር ግን ቀላል ነው። በዚህ ምክንያት ተማሪዎቹ ሊያዩት ሲቀርቡ ዙሪያውን በስኮች ሙሉ በሙሉ እዘጋዋለሁ፤ ሻጋታ የሸፈነውን ሳህን ደግሞ ጭራሽ አላሳይም።

ሙቀቱም የታሰበበት ነው። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ስለሆነ፣ ሰው ላይ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች በዚያ ሙቀት ይመቻቸዋል። እኛ ሳህኖቹን ከ25 ዲግሪ በማያልፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ገልብጠን እናስቀምጣለን። የምንገለብጣቸው ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ጠል ተንጠባጥቦ ኮሎኒዎቹን እንዳያደባልቃቸው ነው። በዚህ ሙቀት እድገቱ ስለሚዘገይ ውጤቱን ለማየት ጥቂት ቀናት እንጠብቃለን።

ማንም ያልነካው አንድ ሳህንም አብሮ ይቀመጣል። እሱ ላይ ነጥብ ከወጣ፣ አጋሩ ቀድሞውኑ ንጹሕ አልነበረም ማለት ነውና የሁሉም ውጤት ይሰረዛል። ልጃችሁ ቤት መጥቶ "በሳሙና የታጠበው ጣት ብሶበታል" ቢላችሁም አትደነቁ፤ አንዳንዴ እውነት ነው። መታሸቱ በቆዳ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ወደ ላይ ያወጣቸዋል። ሳሙናው የሚያስወግደው በዋናነት ከውጭ የመጡትን ነው፤ በሽታ የሚያመጡብንም አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ሳህኖቹን የማስወግደው እኔ ነኝ፤ ተማሪ አይነካቸውም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ መቀቀል ብቻ አይበቃም፤ የአንዳንድ ባክቴሪያ ስፖር ከዚያ ይተርፋል። የምጠቀመው በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ድስት ነው። ይህ ድስት በባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ ደርሶ በ15 ደቂቃ ሥራውን ይጨርሳል። እዚህ ግን በዚያው ግፊት የሚደርሰው ወደ 117 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ 45 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ሳህኖቹ ወደ ቆሻሻ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሳህን ወድቆ ቢሰበር ተማሪዎቹ ወዲያው ይወጣሉ። እኔ ጓንት አድርጌ ወረቀት አለብስበትና በውሃ የቀጠነ በረኪና አፈስበታለሁ፤ 20 ደቂቃ ሳይሞላው አላነሳውም።

እጁ ላይ ቁስል ያለበት ተማሪ ጣቱን አያሳርፍም፤ የመመዝገቡን ሥራ ይይዛል። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ግን ከሰኞ በፊት ለብቻዬ ንገሩኝ። ለሱ ሳህኖቹን ፎቶ አንስቼ፣ የኮሎኒዎቹን ቆጠራ ከፎቶው ላይ እንዲሠራ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህራቸው