አንዱ ሲጨብጥ ሌላው ሲበትን

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በፖስታ የጣውላ ቁራጭ ይላክ ጀመር። ላኪዎቹ ቤት ሠሪዎች ናቸው፤ ወለዱ እንዲህ ከተሰቀለ ጣውላው ምን ይሠራልናል ማለታቸው ነበር። የመኪና ነጋዴዎችም ገዢ ያጡ መኪናዎቻቸውን ቁልፍ በሬሳ ሣጥን አድርገው ላኩ። ገበሬዎች ደግሞ ትራክተራቸውን እየነዱ መጥተው የባንኩን ሕንፃ ከበቡ። የሁሉም ቁጣ ያረፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ቁመተ ረጅሙ፣ ሲጋር ከአፉ የማይለየው የባንኩ ሊቀመንበር ፖል ቮልከር።

ቁጣው የሚገባቸው ግን ሁለት ሕንፃዎች ነበሩ። የወለዱ ታሪክ ግማሹ የተጻፈው ዋይት ሃውስና ምክር ቤቱ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቮልከር በነሐሴ 1979 ሥራውን ሲረከብ የአሜሪካ የዋጋ ንረት ከ10 በመቶ አልፎ ነበር፤ በ1980 በአማካይ 13.5 በመቶ ደረሰ። ቮልከር ጥቅምት 6 ቀን 1979፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጋዜጠኞችን ጠርቶ አዲስ አሠራር አወጀ፦ ባንኩ ከእንግዲህ የሚቆጣጠረው የገንዘቡን መጠን ነው፤ ወለዱ የሚደርስበት ይድረስ። ወለዱም ደረሰ። ባንኮች እርስ በርስ ለአንድ ሌሊት የሚበዳደሩበት ተመን በ1981 አጋማሽ 19 በመቶ ገባ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ 18.63 በመቶ ሆነ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሂሳብ ማየት ይቻላል። 60 ሺህ ዶላር ተበድሮ ቤት የሚገዛ ሰው ወለዱ 9 በመቶ ቢሆን በወር 483 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በ18.63 በመቶ ግን ወርኃዊ ክፍያው 935 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ቤቱ ያው ነው፤ ደመወዙም ያው ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን የተለመደ ታሪክ ነበር። ማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ ያጠብቃል፣ ኢኮኖሚው ይቀዘቅዛል፣ የዋጋ ንረቱ ይበርዳል፣ ወለዱም ተከትሎ ይወርዳል። የአሜሪካን ጉዳይ ልዩ ያደረገው መንግሥት በዚያው ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ መሄዱ ነው። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ነሐሴ 13 ቀን 1981 ትልቁን የግብር ቅነሳ ሕግ ፈረሙ። ከፍተኛው የገቢ ግብር ተመን ከ70 ወደ 50 በመቶ ወረደ፤ የሌላውም ግብር ከፋይ ተመን በሦስት ዓመት ውስጥ በ23 በመቶ ገደማ እንዲቀንስ ተወሰነ። የመከላከያ ወጪ ደግሞ ሽቅብ ወጣ። በ1981 የበጀት ዓመት 79 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ጉድለት በ1983 ከ200 ቢሊዮን አለፈ፤ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 6 በመቶ አካባቢ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ነበር፤ ሥራ የሌለው ሰው ግብር አይከፍልም፣ እርዳታም ይቀበላል። ስለዚህ የጉድለቱ አንዱ ክፍል ከውድቀቱ ራሱ የመጣ ነው። የፖሊሲው እውነተኛ መልክ የታየው ኢኮኖሚው ካገገመ በኋላ ነው። በ1985 ሥራው ተመልሶ፣ ፋብሪካው እየዞረም ጉድለቱ ከጠቅላላ ምርቱ 5 በመቶ ገደማ ላይ ቆሞ ቀረ።

ታዲያ ይህ ጉድለት በምን ይሸፈናል? መንግሥት ቦንድ ይሸጣል። ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘብ አትሞ ቦንዱን ቢገዛለት ወለዱ ለጊዜው ባልተነሣ፣ የዋጋ ንረቱ ግን ባገረሸ ነበር። ቮልከር ይህን እምቢ ብሏል። ስለዚህ መንግሥት ለብድር የሚወጣው ከዚያው ከሕዝቡ ቁጠባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ፋብሪካ ሊያስፋፋ የሚፈልገውም፣ ቤት ሊሠራ የሚፈልገውም ተሰልፏል። በዚህ ሰልፍ መንግሥት የተለየ ተበዳሪ ነው። ወለዱ 8 ይሁን 13 ቦንዱን ከመሸጥ አይመለስም፤ የሚመለሰው ትርፉን አስልቶ የማያዋጣው ሆኖ ያገኘው የግል ተበዳሪ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የግሉን ዘርፍ ገፍቶ ማስወጣት የሚሉት ይህንን ነው።

ገፍቶ ማስወጣት ሁልጊዜ አይከሰትም። በ1982 ፋብሪካዎች ግማሽ ልብ ሲሠሩ የግል ተበዳሪው ራሱ ከሰልፉ ወጥቶ ስለነበር የመንግሥት ብድር የማንንም ቦታ አልወሰደም ማለት ይቻላል። ለውጡን የሚያሳየው ከዋጋ ንረት በላይ የሚተርፈው ወለድ ነው። በ1984 አጋማሽ የ10 ዓመት የመንግሥት ቦንድ ወለድ ከ13 በመቶ በላይ ሲሆን የዋጋ ንረቱ 4 በመቶ አካባቢ ነበር። አበዳሪው በእውነተኛ ዋጋ 9 በመቶ ገደማ ያገኝ ነበር ማለት ነው። የዋጋ ንረቱ ከተሸነፈ በኋላም ወለዱ እንዲህ አልወርድም ሲል ጠባብ ገንዘብና ልቅ በጀት እየተጓተቱ መሆናቸውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

በዚህ ስሌት የግል ኢንቨስትመንት መድቀቅ ነበረበት። አልደቀቀም፤ እንዲያውም በ1984 በብርቱ አደገ። ብዙ ትንታኔ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አገሪቱን በሯን ዘግታ እንደምትኖር አድርጎ ስለሚያስብ። 9 በመቶ እውነተኛ ትርፍ የሚከፍል፣ የማይከዳ ተበዳሪ መኖሩን የጃፓንና የአውሮፓ ገንዘብ ያዥዎችም ሰምተዋል። ገንዘባቸው ወደ አሜሪካ ጎረፈ፤ የጉድለቱንም ከባድ ድርሻ ተሸከመ። ቦንዱን ለመግዛት ግን መጀመሪያ ዶላር መግዛት ያስፈልጋል፤ ዶላርም ተወደደ። በ1980 አንድ ዶላር 1.80 የምዕራብ ጀርመን ማርክ ገደማ ነበር። በ1985 መጀመሪያ 3.30 ደረሰ፤ በየካቲት ወር እንዲያውም 3.40ን አልፎ ሄደ።

ተገፍቶ የወጣው ማን እንደሆነ አሁን ይታያል። አንድ የአሜሪካ ፋብሪካ በ100 ሺህ ዶላር የሚሸጠው ማሽን በ1980 ለጀርመኑ ገዢ 180 ሺህ ማርክ ነበር። ፋብሪካው ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በ1985 ያው ማሽን 330 ሺህ ማርክ ሆነ። የግሬደርና የቡልዶዘር አምራቹ ካተርፒላር ከ1982 ጀምሮ ለተከታታይ ሦስት ዓመታት ከሰረ፤ በዚያው ጊዜ የጃፓኑ ኮማትሱ ገበያውን ይቀማው ነበር። የእርሻ ምርት ወጪ ንግድ በ1981 ከነበረበት 44 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ1986 ወደ 26 ቢሊዮን ወረደ። ትራክተሩን ወደ ዋሽንግተን የነዳው ገበሬ ሁለት ጊዜ ነው የተመታው፦ አንዴ በዕዳው ወለድ፣ አንዴ በስንዴው ገበያ። ያጣውን ገበያ ከበጀት ጉድለቱ ጋር የሚያገናኝለት ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ያገናኙት ነበሩ። የሬገን የኢኮኖሚ አማካሪዎች ምክር ቤት ሊቀመንበር ማርቲን ፌልድስታይን የበጀት ጉድለቱና የንግድ ጉድለቱ መንታ ናቸው እያለ በአደባባይ ይናገር ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዶናልድ ሬጋን በ1984 በምክር ቤቱ አባላት ፊት የፌልድስታይንን ዓመታዊ ሪፖርት ብትፈልጉ ጣሉት እስከማለት ደረሰ። ፌልድስታይን በዚያው ዓመት ወደ ሃርቫርድ ተመለሰ። ጉድለቶቹ ግን አብረው ቀሩ።

ጣጣው ድንበር ተሻግሯል። በተንሳፋፊ ወለድ ዶላር የተበደረችው ሜክሲኮ በነሐሴ 1982 መክፈል አልችልም አለች፤ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ተከተሏት። የኛም ብር በአንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ላይ ተቸንክሮ ስለነበር ዶላር ሲወጣ አብሮ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ማንም ሳይወስን ብር በማርክና በየን ተወደደ።

ገፍቶ ማስወጣት በወለድ በኩል ብቻ እንደማይመጣ ለማየት ደግሞ ከአገራችን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2011 ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። 100 ብር ላበደረ ባንክ ሌላ 27 ብር ለአምስት ዓመት ተቆለፈ። የሰነዱ ወለድ 3 በመቶ ሲሆን ባንኩ ራሱ ለቆጣቢ የሚከፍለው ከ5 በመቶ አያንስም ነበር። መመሪያው በ2019 እስኪነሣ ድረስ ወለድ ብቻ የሚያይ ተመራማሪ የተገፋውን ሰው አያገኘውም፤ ብድር ጠይቆ ገንዘብ የለም የተባለውን ነጋዴ መፈለግ ነበረበት።

የአሜሪካው ቅንብር ጠበቃ አልነበረውም ማለት አይደለም። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮበርት ሙንዴል ገና በ1971 ጠባብ ገንዘብ ለዋጋ ንረት፣ የግብር ቅነሳ ለሥራ ዕድል ብሎ መክሮ ነበር። ክርክሩ ፍሬ አለው። ውድ ዶላር የውጭ ዕቃን አርክሶ የዋጋ ንረቱን ቶሎ ለመስበር ረድቷል፤ በ1983 ንረቱ 3.2 በመቶ ነበር። በእኔ ሚዛን ግን ይህ ፈውስ በከፊል የብድር ነው። ዶላር አንድ ቀን መውረዱ ስለማይቀር ያን ጊዜ የረከሰው ዕቃ ተመልሶ ይወደዳል፤ የውጭ ዕዳው ደግሞ ይቆያል። መስከረም 22 ቀን 1985 አምስት መንግሥታት ኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው ዶላርን ለማውረድ ተስማሙ። የንግድ ጉድለቱ ግን እስከ 1987 ድረስ መስፋቱን አላቆመም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ የውጭ አበዳሪ እስካመነ ድረስ ብቻ ነው። መስከረም 23 ቀን 2022 የብሪታንያ ገንዘብ ሚኒስትር ክዋሲ ክዋርቴንግ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ የግብር ቅነሳ አወጀ፤ የእንግሊዝ ባንክ ያን ጊዜ ወለድ እየጨመረ ነበር። በሬገን ዘመን ስሌት ፓውንድ መውጣት ነበረበት። በሦስተኛው ቀን ከ1.04 ዶላር በታች ወረደ፤ የረጅም ጊዜ ቦንድ ወለድ በአንጻሩ ተተኮሰ። ወለድና ምንዛሪ አብረው ሲወጡ ገንዘብ እየገባ ነው፤ ወለድ እየወጣ ምንዛሪ ሲወድቅ ግን አበዳሪው እየሸሸ ነው። መስከረም 28 ቀን የጡረታ ፈንዶች እንዳይናዱ የእንግሊዝ ባንክ፣ ገንዘብ ሊያጠብቅ የተዘጋጀው ያው ባንክ፣ ቦንድ ለመግዛት ገበያ ወጣ። በጥቅምት አጋማሽ ክዋርቴንግ ተሰናበተ፤ ተተኪው ጄረሚ ሃንት የግብር ቅነሳውን አብዛኛውን ክፍል ሰረዘ።