7.2፦ የወባ ቀለም የሚፈልገው ውሃ

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በአገራችን ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የሚገኝ በሽታ ስለሆነ፣ እዚህ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ በወባ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው። ከጋምቤላ፣ ከአሶሳ ወይም ከአርባ ምንጭ የሚመጣ መንገደኛ ግን በሽታውን በደሙ ይዞት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ባሉ ክሊኒኮች ትኩሳት ይዞት ለመጣ መንገደኛ ቢኤፍ ይታዘዛል። ጠብታ ደም በስላይድ ላይ ተቀብቶ ይደርቅና ጊምሳ በሚባለው ቀለም ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ጊምሳ ከጠርሙሱ ወጥቶ እንዳለ አይፈስም፤ በውሃ ይቀጥናል። በተለመደው አሠራር 3 ሚሊ ሊትር ቀለም በ97 ሚሊ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ስላይዱ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይበታል። ያ ውሃ ፒኤቹ 7.2 መሆን አለበት። በቀለሙ ውስጥ ሰማያዊና ቀይ የሚሰጡ ክፍሎች አሉ፤ የትኛው የትኛውን የሕዋስ ክፍል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚወስነው የውሃው አሲድነት ነው። ውሃው ወደ አሲድ ካዘነበለ ደሙ ሮዝ ሆኖ ተውሳኩ ይደበዝዛል። ወደ ቤዝ ካዘነበለ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆንና ተውሳኩን ከጀርባው መለየት ያስቸግራል።

በእኛ አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም አሉ። በቫይቫክስ በተያዘ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ሹፍነር የሚባሉ ደቃቅ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እነሱም ደህና ሆነው የሚወጡት በ7.2 አካባቢ ነው። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚመለስ ሕክምናው የጉበቱን ተውሳክ የሚያጠፋ እንደ ፕሪማኩዊን ያለ መድኃኒትን ይጨምራል። ነጠብጣቦቹን ያላየ ባለሙያ ዝርያውን ሊስት፣ ታካሚውም ከወራት በኋላ ያው በሽታ ሊነሳበት ይችላል።

ታዲያ ለምን ንጹሕ የተጣራ ውሃ ብቻ አይበቃም? የተጣራ ውሃ አየር ላይ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና ፒኤቹ ከ6 በታች ይወርዳል። የሚቋቋምበት አቅም ስለሌለው የገባበት ሁሉ ይለውጠዋል። የሚያስፈልገው ባፈር ነው፤ ማለትም ደካማ አሲድና የእሱ ተጓዳኝ ቤዝ አብረው የሚገኙበት ውሃ። አሲድ ሲገባ ቤዙ ሃይድሮጅኑን ይቀበላል፤ ቤዝ ሲገባ አሲዱ ከራሱ ይሰጣል። ሁለቱም በበቂ መጠን እስካሉ ድረስ ፒኤቹ የሚነቃነቀው በጥቂቱ ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦

pH = pKa + log([ቤዝ]/[አሲድ])

ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ፒኤቹ ከአሲዱ pKa ጋር እኩል ነው፤ አንዱ የሌላውን ዐሥር እጥፍ ሲሆን በ1 ይርቃል። ከዚያ ካለፈ አንደኛው ወገን ስለሚሳሳ ባፈሩ አቅም ያጣል። ለምሳሌ የአሴቲክ አሲድ pKa 4.76 ነው። በእሱ 7.2 ላይ ለመቆም ቤዙ የአሲዱ 275 እጥፍ ያህል መሆን አለበት፤ ትንሽ ቤዝ ቢገባ የሚሰጠው አሲድ የለውም። ከፎስፌት ሁለት ጨዎች የሚሠራው ባፈር ግን pKaው 7.2 ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በብልቃጦቹ ላይ KH2PO4 የሚለው አሲዱ፣ Na2HPO4 የሚለው ቤዙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወባ ላቦራቶሪዎች የሚመክረው መጠን ለአንድ ሊትር 0.7 ግራም KH2PO4 እና 1.0 ግራም ውሃ የሌለበት Na2HPO4 ነው። ጨዎቹ ተመዝነው በ900 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ይሟሙና እስኪጠሩ ይማሰላሉ። ሊትሩ ገና አይሞላም፤ ለማስተካከያው ቦታ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ግራ ይጋባሉ። በሞል ሲታሰብ ቤዙ 7.04፣ አሲዱ 5.14 ሚሊሞል ነው፤ ስሌቱም 7.34 ይላል። ሜትሩ ግን 7.1 አካባቢ ያነባል። መሣሪያው አልተበላሸም። በውሃው ውስጥ ያሉት አዮኖች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ፣ በተለይ ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ የተሸከመው ቤዝ በእነሱ ስለሚከበብ፣ የፎስፌት pKa በዚህ ጥግግት ወደ 7.0 ይወርዳል። ወረቀቱ መነሻ ይሰጣል እንጂ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሜትሩ ነው። ሜትሩ የሚታመነው ደግሞ በዚያው ቀን በ7.00 እና በ4.01 ወይም በ10.01 መለኪያ ባፈሮች ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ከየንባቡ በፊት ጫፉ በተጣራ ውሃ ይታጠባል።

አሁን ንባቡ 7.1 ነው እንበል። ማስተካከያው ከራሳቸው ከጨዎቹ ይዘጋጃል፦ 2 ግራም Na2HPO4 በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በአንድ ጠርሙስ፣ 2 ግራም KH2PO4 እንዲሁ በሌላ። ንባቡ ዝቅ ካለ ከመጀመሪያው፣ ከፍ ካለ ከሁለተኛው ይጨመራል። ከ7.1 ወደ 7.2 ለመድረስ ቤዙ ለአሲዱ ያለው ምጥጥን በ26 በመቶ ማደግ አለበት፤ ይህም 1.8 ሚሊሞል ቤዝ፣ ማለትም 13 ሚሊ ሊትር ያህል ከ2 በመቶው ጠርሙስ ነው። በአንዴ አይፈስም። 5 ሚሊ ሊትር ይጨመርና ይማሰላል፣ ንባቡ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይቀጥላል። 7.2 ላይ ሲደርስ ውሃ ተጨምሮ እስከ አንድ ሊትር ይሞላል፤ ፒኤቹም እንደገና ይለካል።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቢጠቀሙስ? ይሠራል፤ ነገር ግን ለዚሁ ለውጥ ከ1 ሞላሩ 0.7 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ጥቂት ጠብታዎች ይበቃሉ። አንድ ጊዜ እጅ ካዳለጠው ከመስመሩ አልፎ ይሄዳል፤ ያንን በአሲድ ለመመለስ ሲሞከር ደግሞ ያልታሰበ ጨው ይጨመራል። በተጓዳኞቹ ማስተካከል ቀስ ያለ ነው፤ እኔ የምመርጠውም ቀስ ስለሚል ነው።

ብዙ ጊዜ የማይታወቀው ስሕተት ግን ያለው ሚዛኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ ነው። Na2HPO4 ውሃ የሌለበት፣ ሁለት ውሃ ያለበት እና ዐሥራ ሁለት ውሃ ያለበት ሆኖ ይሸጣል። መለያው «Na2HPO4·12H2O» ካለ፣ አንድ ግራሙ ውስጥ ያለው ጨው 0.4 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። 1.0 ግራሙን ብቻ የመዘነ ሰው ፒኤቹ ወደ 6.7 ወርዶ ያገኘዋል። ለዚህ ዓይነቱ 2.52 ግራም፣ ባለሁለት ውሃው ከሆነ ደግሞ 1.25 ግራም ይመዘናል። ንባቡ በ0.4 ያህል ዝቅ ብሎ የተገኘ እንደሆነ በጠርሙስ ማስተካከያ ከመድከም በፊት መለያውን ማንበብ ይበጃል።

ፎስፌት ለሻጋታና ለባክቴሪያ ይመቻል። የደፈረሰ ወይም ክር የመሰለ ነገር የሚንሳፈፍበት ባፈር ይደፋል፤ ጥርት ያለውም ቢሆን ቀለሙ ከመቀጠኑ በፊት ፒኤቹ ይለካል። ከዚያም ተውሳክ እንዳለበት የታወቀ ስላይድ ከታካሚዎቹ ጋር አብሮ ይቀለማል። በዚያ ስላይድ ላይ የተውሳኩ አስኳል ቀይ፣ ዙሪያው ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ የታካሚዎቹ ስላይዶች ይነበባሉ፤ ካልወጣ ግን ለማንኛቸውም ውጤት አይጻፍም።