ከወገብ እስከ እግር ጣት

እብድ ውሻ ፊቱን ወይም አንገቱን የነከሰው ሰው ሲመጣ ሐኪሞች ከወትሮው ይበልጥ ይቸኩላሉ። ቁርጭምጭሚቱን የተነከሰውም ቢሆን ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ክትባት መጀመር አለበት፤ ሆኖም በሽታው ምልክት እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው ርቀት ነው። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ አንጎል የሚደርሰው በደም ሳይሆን በነርቭ ውስጥ ነው፤ ነርቩ በረዘመ ቁጥር መንገዱም ይረዝማል። ቫይረስ ግን በራሱ የሚንቀሳቀስበት ምንም አካል የለውም። ታዲያ ከእግር እስከ አንጎል ማን ተሸክሞ ይወስደዋል?

የሚወስደው የራሳችን ህዋስ ነው። ይህን ለመረዳት አንዱን የነርቭ ህዋስ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል።

የእግር ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት በጀርባችን የታችኛው ክፍል፣ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ካሉ የነርቭ ህዋሳት ነው። የህዋሱ ዋና አካል ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ከእሱ የሚወጣው አክሰን የተባለው ክር ግን ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ሆኖ ሳለ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። ህዋሱ አብዛኞቹን ፕሮቲኖቹን የሚሠራው እላይ፣ ኒውክለሱ አካባቢ ነው። ስለዚህ እታች ጫፉ ላይ የሚያስፈልገው ነገር ከላይ መላክ አለበት። ፕሮቲኖቹ በህዋሱ ፈሳሽ ውስጥ እንዲሁ እየዋለሉ ይድረሱ ቢባል አይሆንም። እንዲህ ያለው መዋለል ለአጭር ርቀት ፈጣን ነው፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲጨምር ግን ጊዜው መቶ እጥፍ ይጨምራል። አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ከሺህ ዓመት በላይ ይሆናል።

ስለዚህ ህዋሱ መንገድ ይዘረጋል። መንገዶቹ ማይክሮቲቡል ይባላሉ። እነዚህ ቱቦዎች ሳይቶስኬሌተን፣ ማለትም የህዋስ አፅም ከሚባለው የፕሮቲን መዋቅር ውስጥ ወፍራሞቹ ናቸው። ወፍራም ስንል ግን የአንዱ ስፋት 25 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ናኖሜትር ማለት ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። ቱቦው የሚገነባው ቲዩቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ቲዩቡሊኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተርታ ይያያዛሉ፤ በአብዛኛው 13 ተርታዎች ጎን ለጎን ገጥመው ቱቦውን ይሠራሉ። ጥንዶቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ቱቦው ራሱ ሁለት የተለያዩ ጫፎች አሉት። በአክሰን ውስጥ ደግሞ አጫጭር ቱቦዎች ተደራርበው ይቀጣጠላሉ እንጂ አንድ ወጥ ቱቦ ከወገብ እስከ ጣት አይዘረጋም። ሁሉም ግን “ፕላስ” የሚባለውን ጫፋቸውን ወደ ታች አድርገው ነው የሚቀመጡት። አቅጣጫ የሚለየው በዚህ ነው።

ተሸካሚው የተገኘው በ1985 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። ሮናልድ ቬይል፣ ማይክል ሺትዝና ቶማስ ሪስ ስኩዊድ የተባለውን የባህር እንስሳ ያጠኑ ነበር። ስኩዊድን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚህ እንስሳ ትልቁ አክሰን ስፋቱ እስከ አንድ ሚሊሜትር ስለሚደርስ ውስጡን ጨምቆ አውጥቶ መመርመር ይቻላል። ከዚያ ጭማቂ ኪኔሲን የተባለውን ፕሮቲን ለዩ። ኪኔሲን ሁለት እግር መሳይ አካላት አሉት፤ ከላይ ሸክሙን ይዞ አንዱን እግር ከሌላው እያስቀደመ በማይክሮቲቡሉ ላይ ይራመዳል። አንድ እርምጃው 8 ናኖሜትር ነው፤ ይህም የአንድ የቲዩቡሊን ጥንድ ርዝመት ነው። ለእያንዳንዱ እርምጃ ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ሞለኪውል አንድ ፍሬ ያቃጥላል። ከወገብ እስከ ጣት ባለው አንድ ሜትር ላይ ይህ 125 ሚሊዮን እርምጃ ነው። አንድ ኪኔሲን ብቻውን አይዘልቀውም፤ መቶ ያህል እርምጃ ሄዶ ይለቃል። በአንድ ሸክም ላይ ግን ብዙዎች ስለሚረባረቡ ጉዞው ይቀጥላል። ፈጣኖቹ ሸክሞች በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ይሄዳሉ። የሺህ ዓመቱ መንገድ በቀናት አለቀ ማለት ነው።

ኪኔሲን የሚሄደው ወደ ፕላሱ ጫፍ፣ ማለትም ወደ ታች ነው። ያረጀውን ዕቃና ከጫፉ የሚመጣውን ምልክት ወደ ላይ የሚመልሰው ዳይኒን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። የእብድ ውሻ ቫይረስ የሚሳፈረውም በዚህኛው፣ ወደ ላይ በሚሄደው ላይ ነው። ማስረጃው ቀላል ነበር፤ ተመራማሪዎች ኮልቺሲን የተባለውን ማይክሮቲቡል የሚያፈርስ መድኃኒት በእንስሳት ነርቭ ላይ ሲያደርጉ የቫይረሱ ጉዞ ታገደ። መንገዱን ማፍረስ ግን ሕክምና ሊሆን አይችልም፤ ነርቩም ያለዚያ መንገድ አይኖርምና።

መንገዱ ሲጎዳ ምን እንደሚሆን ቪንክሪስቲን ከሚወስዱ ሕሙማን እናያለን። የሚገኘው ከማዳጋስካር አበባ ሲሆን የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ጭምር ይሰጣል። ቲዩቡሊን ላይ ተጣብቆ ማይክሮቲቡል እንዳይሠራ ስለሚከለክል የካንሰር ህዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን የሚጎትትበት መሣሪያ ያጣል። ነርቭ ግን የማይከፈል ህዋስ ሆኖም ከጉዳቱ አያመልጥም። መደንዘዙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግርና ከእጅ ጣቶች ነው። ረጃጅሞቹ አክሰኖች የሚደርሱት እዚያ ነውና አቅርቦቱ ሲዛባ ቀድመው የሚቸገሩት እነሱ ናቸው። ሐኪም የመድኃኒቱን መጠን ከመወሰኑ በፊት ስለ ጣቶች የሚጠይቀው፣ ሕፃኑም በተረከዙ መራመድ ይችል እንደሆነ የሚያየው ለዚህ ነው።

እስካሁን ስለ መንገዱ ብቻ ተናገርን። ጉልበታችንን ባጠፍን ቁጥር ይህ ቀጭን ክር ይጎተታል፤ ለምን አይበጠስም? ቅርጹን የሚጠብቀው ሌላው የአፅሙ ክፍል አክቲን ነው። የአክቲን ክር ስፋቱ 7 ናኖሜትር ያህል ሲሆን በየትኛውም ህዋስ ከሽፋኑ ሥር ተሰግስጎ ይገኛል። በአክሰን ውስጥ እንዴት እንደተደረደረ የታወቀው ግን በቅርቡ ነው። በ2013 በሃርቫርድ የዢያዎዌይ ዥዋንግ ቡድን ልዩ ማይክሮስኮፕ ተጠቅሞ፣ አክቲን ከአክሰኑ ሽፋን ሥር በየ190 ናኖሜትሩ እንደ ቀለበት መጠምጠሙን አሳየ። ቀለበቶቹን የሚያገናኛቸው ስፔክትሪን የተባለ የሚለጠጥ ፕሮቲን ነው። ስፔክትሪን የሌላቸው ጥቃቅን ትሎች ነርቫቸው በትክክል ያድጋል፤ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን አክሰኖቻቸው ይበጠሳሉ። እነዚያኑ ትሎች እንዳይንቀሳቀሱ ሲያደርጓቸው መበጠሱ ይቆማል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ምርምር እንደዚህ ግልጽ ማስረጃ የሰጠ የለም።

አክቲን ሥራው መያዝ ብቻ አይደለም። ነርቭ ተቆርጦ እንደገና ሲያድግ በጫፉ ላይ የአክቲን ክሮች ከፊት እየተቀጠሉ ከኋላ እየፈረሱ ሽፋኑን ወደፊት ይገፉታል፤ ጣት መሳይ ዘንጎች እያወጡም አቅጣጫ ይፈልጋሉ። የሚስማማ ቦታ ሲገኝ ማይክሮቲቡሎች ተከትለው ይገቡና መንገዱ ይረዝማል። ይህ ዕድገት በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ጉልበቱ አካባቢ ነርቩ የተቆረጠበት ሰው በቀዶ ሕክምና ቢሰፋለትም አዲሱ አክሰን እግር ጣቱ ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ያለ ነርቭ የቆየ ጡንቻ ደግሞ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ካለፈው የመመለስ ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች የተቆረጠ ነርቭ ይዞ የመጣን ሰው “ቁስሉ ይዳንና ተመለስ” የማይሉት በዚህ ምክንያት ነው።